ታፈሰ ትርፉን በበሬ ያስረዳ ቀን

ቴፒ ውስጥ ታፈሰን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት በአውቶቡስ የገባ ነው፣ ወይ የማኅበሩን ብድር ወስዶ የጠፋ ነው። ሌላው ሁሉ ያውቀዋል። ማወቅም ብቻ አይደለም፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ መንገድ ላይ አስቁሞት ጉዳዩን አስረስቶታል።

ጌጫ ተወለደ፣ ማሻ ጫካ ውስጥ አደገ፣ ጢሙ ሳይበቅል ቡና ልልቀም ብሎ ወደ ቴፒ ወረደና በዚያው ቀረ። ጆንያ ተሸከመ። መኪና ላይ ጫነ፣ ከመኪና አወረደ። ቡና መፈልፈያ ላይ ሠርቶ አንድ ጆሮው ደነቆረ፤ ከዚያ ወዲህ በቀረው ጆሮ የሚሰማው የራሱን ድምፅ ነው የሚሉ አሉ፣ ምቀኞች ናቸው። በኋላ የመጋዘን ዘበኛ ሆነ። ዘበኛ ሳለ አንድ ሌባ አጥር ዘሎ ገባ። ታፈሰ ዱላውን ቤቱ ረስቶ ኖሯል፤ ምን ያድርግ፣ በወሬ ያዘው። ከማጂ በበቅሎ ስለመጣ ሰው ማውራት ጀመረለት። ሌባው ትንሽ ቆሞ ሰማ፣ ከዚያ ተቀመጠ። ፖሊስ ሲደርስ በቅሎዋ ገና ወንዝ አልተሻገረችም። ሰውየው ተፈርዶበት፣ ታስሮ፣ ሲፈታ መጀመሪያ የሄደው እናቱ ጋ አይደለም፤ ታፈሰ በር ላይ ቆሞ "ተሻገረች?" ነው ያለው። ዛሬ ያ ሰው የማኅበሩ አባል ነው፣ ቁጠባውንም በየወሩ ሳያዛንፍ ያስገባል።

ፊደል አልቆጠረም ታፈሰ። አያፍርበትም። ፊደል እኮ ከአፍ የወጣ ነው፣ እኔ ከምንጩ ነው የምጠጣው ይላል። ፊርማ ግን አለው፣ ያውም ምን ፊርማ። እንደ ዱባ ሐረግ ከአንዱ ጥግ ይነሳና ከወረቀቱ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ይወጣል።

ታዲያ "ጥላ ዛፍ" የሚባለው የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር ሲቋቋም ሊቀመንበር ማን ይሁን ሲባል ሌላ ስም አልተነሳም። የተማሩ ነበሩ፣ አዎ። ግን ብሩን ፍራሽ ሥር የሚቀብር ሰው ፍራሹን ገልጦ ብሩን እንዲያመጣ የሚያደርገው ዲፕሎማ አይደለም፣ አፍ ነው። ታፈሰ በየቤቱ ዞረ። ጫኞቹን፣ ቅመም ሻጮቹን፣ ባጃጅ ነጂዎቹን፣ አንድ አንድ አስተማሪም ሳይቀር አባል አደረገ። አባል የሆነ ሰው በየወሩ ይቆጥባል፣ ለቁጠባው ወለድ ይታሰብለታል። ከዚያ ሌላ አክሲዮን ይገዛል፣ አንዱ ሦስት መቶ ብር። የቸገረው ይበደራል፣ ከነወለዱ ይመልሳል። ከዚያ ወለድ ወጪው ተነስቶ የተረፈው ትርፍ ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ታፈሰ ሲያስረዳው ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ወሬው መሀል ላይ አንድ የሺሺንዳ ሾፌር ይሞታል።

አሁን ወደ ውድነሽ።

ውድነሽ ከወልቂጤ በኩል የመጣች፣ ኮረሪማና ጥምዝ በመሸጥ ሦስት ልጅ ያስተማረች ሴት ናት። የቅመም ተራው የሚሰማት እሷን ነው። እሷ ጃንጥላ ከዘረጋች ተራው ሁሉ ይዘረጋል፤ እሷ ያቺ ሚዛን ታጭበረብራለች ካለች ሚዛኗ በማግስቱ ሌላ ከተማ ናት። ፍሪጅ ነበራት። ከቅመሙ ጎን ለስላሳና አምቦ ውሃ አቀዝቅዛ ትሸጥበት ነበር። ታፈሰ ባለፈው ዓመት በደጇ ሲያልፍ ቆመና ይቺን ፍሪጅ ሽጠሽ አክሲዮን ግዢበት አላት። ፍሪጅ መብራት ይበላል፣ አክሲዮን ግን አይበላም። እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። አላቆመም። "እትዬ ውድነሽ፣ ታፈሰ ሞቶ ይገኝ፣ አክሲዮንሽ መንታ ይወልዳል" አለ። ሸጠች። ስድስት ሺህ ብር አምጥታ ሃያ አክሲዮን ገዛች። ከዚያ ወዲህ በቅመም ተራ የሚጠጣ አምቦ ሁሉ የሞቀ ነው፤ ሰውም በጠጣ ቁጥር የታፈሰን ስም ያነሳል።

በሰኔ ሠላሳ ሒሳቡ ተዘጋ፣ ኦዲተር መጥቶ አየው፣ ጠቅላላ ጉባኤው ነሐሴ ዘጠኝ እሑድ እንዲሆን ተለጠፈ። ህሊና፣ የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ልጅ እግር ናት ግን የዋዛ አይደለችም፣ ታፈሰን ቢሮ አስቀምጣ ቁጥሩን ታስጠናው ጀመር። የተጣራ ትርፍ አምስት መቶ ሺህ። ከዚህ ሠላሳ በመቶው፣ መቶ ሃምሳ ሺህ ማለት ነው፣ በሕጉ መሠረት ለመጠባበቂያ ይቀመጣል፣ አይነካም። ቀሪው ሦስት መቶ ሃምሳ ሺህ ለአባላት ይከፋፈላል። ከእሱም ሁለት መቶ ሰባ ሺሁ በአክሲዮን ልክ፣ ሰማንያ ሺሁ ደግሞ አባሉ በዓመቱ ከማኅበሩ ጋር በሠራው ሥራ ልክ። የአክሲዮኑ ብዛት ዘጠኝ ሺህ ስለሆነ ለአንድ አክሲዮን ሠላሳ ብር ይደርሳል።

ታፈሰ ቁጥሩን እንደ ዳዊት ደገመው። ከዚያ ፀጥ አለ። ህሊና ታፈሰ ፀጥ ሲል አይታ ስለማታውቅ ታመመ እንዴ ብላ ውሃ አመጣችለት።

"ሃያ ጊዜ ሠላሳ ስንት ነው?" አላት።

"ስድስት መቶ፣ ጋሼ።"

"መንታ አይደለማ።"

ከመቶ አሥር እኮ ነው፣ ጥሩ ነው አለችው። ጥሩው ለማን እንደሆነ ግን አልነገረችውም። ሰውየው ያየው ሌላ ነው፦ ውድነሽ ስድስት ሺህ በስድስት ሺህ ላይ ትጠብቃለች፣ ስድስት መቶ ሲሰጧት ትነሳለች፣ እሷ ስትነሳ የቅመም ተራ አርባ ሴት ተከትሏት ይወጣል፣ አክሲዮናችንን መልሱ ይላል፣ ያቺ ተራ ከወጣች ማኅበሩ በእግሩ አይቆምም። የታፈሰ ቃል ደግሞ ከዚያ በኋላ በቴፒ አንድ ጥሬ ቡና አይገዛም። ሌላ ሰው ብር አለው፣ መሬት አለው። ታፈሰ ያለው ቃሉ ነው።

ቤቱ ገብቶ ለማናልሞሽ፣ ለሚስቱ፣ ነገራት። እሷ ደግሞ አጭር ናት በነገር፣ ከእሱ ጋር ስትኖር ቃል መቆጠብ ለምዳለች። ቁጥር አይገባቸውም፣ የሚያውቁትን ነገር ንገራቸው አለችው። የቴፒ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ምንድነው? ቅርጫ። በሬ በጋራ ገዝቶ፣ አርዶ፣ ሥጋውን በየመደቡ መካፈልን የማያውቅ የለም። አንድ መደብ የከፈለ አንድ ይወስዳል፣ አምስት የከፈለ አምስት ይወስዳል። ታፈሰ ዘሎ ተነሳ። በአእምሮው ንግግሩ አለቀ።

ግን ታፈሰ ነገርን ሳያጠና አይናገርም። ዓርብ ዕለት ሸምሱ ልኳንዳ ሄደ። ሸምሱ የማኅበሩ አባል ነው፣ በሬ በመምረጥ ከእሱ የሚስተካከል ከዚህ እስከ ሚዛን ከተማ የለም። ታፈሰ ለማኅበሩ ጉባኤ ነው ብሎ ጠየቀው፦ አንድ የሰባ በሬ ዛሬ ስንት ያወጣል? ዘጠና አምስት ሺህ አለ ሸምሱ። ስንት መደብ ይወጣዋል? ቆዳው የማነው? ሸምሱ ሁሉንም መለሰ። ታፈሰ ለንግግሩ የሚበቃውን አግኝቷል፣ አመስግኖ መውጣት ነበረበት። ግን ሰው ዋጋ ሲጠራ ሰምቶ ዝም ብሎ መውጣት ታፈሰ አያውቅበትም። ምን ዘጠና አምስት አለ። ሸምሱ ጥርሱን አየኸው ወይ አለ። ታፈሰ ጥርሱን ምን ላድርገው፣ ላጋባው ነው? አለ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሰማንያ ሁለት ሺህ ላይ አወረደው። አሥራ ሦስት ሺህ ብር በአፉ ብቻ! ታፈሰ ደስታው ወሰደውና እጁን ዘረጋ፣ ሸምሱ እጁን መታ፣ ተጨባበጡ። ታፈሰ እያፏጨ ቤቱ ሄደ። ከብት ተራ ላይ ዋጋ ተጣርቶ እጅ ከተመታ ሽያጩ ማለቁን አርባ ዓመት ያውቃል። በዚያች ቀን ብቻ ረሳው፤ ያሸነፈ ሰው ምን ያስታውሳል።

እሑድ ጠዋት አዳራሹ ሲከፈት ዝናብ ነበር። ዝናብ ነበር ማለትም አያስፈልግም፣ ነሐሴ ነው፣ ቴፒ ነው። ታፈሰ ኮቱን ለብሶ ሲደርስ መጀመሪያ ያየው የአዳራሹ በረንዳ ምሰሶ ላይ የታሰረ ቀይ በሬ ነው። ምን ያለ በሬ መሰለህ። ሻኛው የተማሪ ቦርሳ ያህላል። ከጎኑ ሸምሱ ጃንጥላ ይዞለት ቆሟል፣ ለበሬው ነው ጃንጥላው።

ሁለተኛ ያየው አባላቱን ነው። ሰው ሁሉ ኮባ ይዞ መጥቷል። ሥጋ መጠቅለያ ኮባ፣ ጠቅልሎ በብብቱ፣ በራሱ ላይ አጥፎ ከዝናብ እየተከላከለበት። አንዳንዱ ባልዲ ይዟል። ሸምሱ ቅዳሜ በሬውን በከተማ ሲያሳልፍ ለማነው ብለው ጠይቀውት፣ ለማኅበሩ ነው፣ ጋሽ ታፈሰ ነው የገዛው ብሏላ። ወሬው ታፈሰን ሳያገኘው በከተማው ዞረ። ታፈሰ ያልሰማው ወሬ ቴፒ ውስጥ ሲወራ ይኸ የመጀመሪያው ነው፤ ቅዳሜን ቤቱ ዘግቶ ንግግር ሲለማመድ ውሏል።

ጸጸት ላይ ሳይደርስ ሽማግሌዎቹ ያዙት። መምህር ይርዳው፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ጡረተኛ አስተማሪ፣ ፍልሰታ ጾም ላይ በሬ ማቅረብ ምን የሚሉት ነው ብሎ ተቆጣ፤ ይሁን፣ እስከ አሥራ ስድስት በቁሙ ይቆይ ነው የሚለው። ሸምሱ ደግሞ የሚያርደው እኔ ነኝ አለ። እሱ ካረደው እኛ አንበላም አሉ አንዱ ወገን፣ እናንተ ካረዳችሁት እኛ አንበላም አሉ ሌላው። አንዱ ጫኝ ሁለት በሬ ይገዛ የሚል ሐሳብ አቀረበ፣ ደጋፊ አገኘ። ካቶሊኮቹ እኛ በሁለቱም ችግር የለብንም፣ ከሁለቱም ይድረሰን አሉ። ጉባኤው ሳይከፈት፣ ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱ ሳይቆጠር፣ የበሬው አጀንዳ ግማሽ አለቀ።

ታፈሰ ማለት የነበረበት አንድ ነገር ነው፦ በሬ የለም። ግን በሬው አለ። እየጮኸ ነው።

ህሊና ጉባኤውን አስከፍታ፣ የኦዲት ሪፖርቱን አንብባ፣ መድረኩን ለሊቀመንበሩ ሰጠች። ስታነብላቸው ማንም አልሰማም፤ ዓይን ሁሉ በመስኮት ነው። ታፈሰ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። የተለማመደው የበሬ ንግግር ነው፣ ሌላ ንግግር የለውም፤ ጀመረው።

"ወገኖቼ፣ ትርፍ ማለት ቅርጫ ነው" አለ።

አጨበጨቡ። እስከዚያ ድረስ ማኅበሩ ጭብጨባ ሰምቶ አያውቅም። ታፈሰ ጭብጨባ ሲሰማ ደግሞ ምን ይሆናል፣ እንደ ዘይት ያየ እሳት ነው። ቀጠለ። በሬው ዓመቱን ሙሉ የሰበሰብነው የብድር ወለድ ነው አለ። ገመዱ፣ ጨው፣ የአራጁ ዋጋ፣ እነሱ ወጪ ናቸው፦ የህሊና ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ ለቆጣቢዎች የከፈልነው ወለድ፣ ተበድሮ ለጠፋም ሰው ተብሎ የተያዘ አለ። ቆዳው አይበላም፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጣል፣ ያ መጠባበቂያ ነው። የቀረው ሥጋ በመደብ ይመደባል፣ አንድ አክሲዮን አንድ መደብ። በመደቡም ሠላሳ ብር።

ጥሩ ሄዶ ነበር። እውነት ለመናገር ከዚያ በፊት ትርፍ እንዲያ የገባው ጉባኤ በዚህ አገር አልነበረም። አንዱ ጉበቱ ለማን ነው ብሎ ጠየቀ፣ ታፈሰ ጉበቱ በሥራው ልክ ነው አለ፣ ብዙ ለተበደረና ወለዱን ለከፈለ፣ ብዙ ለቆጠበ። ምላሱስ ሲሉት ምላሱ የሊቀመንበሩ ነው አሉ ከኋላ፣ ሰው ሳቀ።

ያኔ ውድነሽ ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች። ተራው ሁሉ ዞሮ አያት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ነበር፣ እሷ ስትነሳ እሱም ጋብ አለ፤ ውድነሽን ዝናብም ይፈራታል።

"ጋሽ ታፈሰ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች። "ቅርጫ ላይ በሬው ከታረደ በኋላ የት ይሄዳል?"

"እንዴት የት ይሄዳል? ይበላል።"

"ያልቃል ማለት ነው።"

"ያልቃላ።"

"ስለዚህ ፍሪጄን ሸጬ የሰጠሁህን ስድስት ሺህ አርዳችሁ፣ ስድስት መቶ ብር ሥጋ ልትሰጡኝ ነው።"

ጣቷ በመስኮት ወደ ውጭ ሄደ። "በሬውንስ በማን ብር ገዛኸው?" አለች። አራት መቶ ሰው ወደ በሬው ዞረ፣ ከዚያ ወደ ታፈሰ። በሬው ማኅበሩ ነው። በሬው አክሲዮናቸው ነው። አክሲዮናቸው እዚያ በጃንጥላ ሥር ቆሞ ሊታረድ ነው። አንዱ ጫኝ ድርሻዬን በቁሙ ስጡኝ አለ። ሌላው እግሩ የኔ ነው፣ እግሩን ይዤ እሄዳለሁ ብሎ ወደ በር ሮጠ። የቅመም ተራ ሴቶች ተነሱ፣ አክሲዮናችን ይመለስ አሉ። ህሊና ድምፅ ማጉያውን ተቀብላ አክሲዮኑ እንዳለ ነው፣ በሬው በሒሳብ ውስጥ የለም አለች። ይኸ ነገሩን አባሰው፤ በሒሳብ የሌለ በሬ ምን ዓይነት በሬ ነው?

ታፈሰ በሕይወቱ አፉ የከዳው ያን ቀን ነው። ዓይኑ ኮርኒሱ ላይ ሄደ። አዳራሹ አሮጌ ነው፣ ኮርኒሱ ጥግ ላይ ንብ ሰፍሯል፤ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ማንም አያባርረውም። ንቦቹን ሲያይ አባቱ ታየው። አባቱ ማሻ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ነበር፣ ሰማይ የሚነካ ዛፍ ላይ በሐረግ ይወጣ ነበር። ታፈሰ ስለ ሾፌር፣ ስለ ሌባ፣ ስለ በቅሎ ያወራል፤ ስለ አባቱ ቀፎ ለቴፒ ሰው አውርቶ አያውቅም። ማር ምን ታሪክ አለው ይል ነበር።

"በሬውን ተዉት" አለ ቀስ ብሎ። ቀስ ብሎ ሲናገር ሰምቶት የማያውቅ ሰው ሁሉ ዝም አለ። "ተሳስቻለሁ። ቅርጫ አይደለም። ቀፎ ነው።"

እትዬ ውድነሽ፣ አላት፣ አክሲዮንሽ ቀፎ ነው። ሃያ ቀፎ ዛፍ ላይ ሰቅለሻል። አባቴ ማር ሲቆርጥ ቀፎውን ይዞ አይወርድም፤ ቀፎው እዚያው ነው፣ ማሩ ብቻ ነው የሚወርደው። የሚበደሩት፣ ሠርተው ወለድ የሚያመጡት፣ እነሱ ንቦቹ ናቸው። ዛፍ ለሚወጣው፣ ለጭሱ፣ ለገመዱ ከማሩ ይከፈላል። የቀረው ማር ትርፍ ነው። ሁሉንም ትወስጃለሽ? አትወስጂም። አባቴ ከእንጀራው ይልቅ ለንቡ ይሳሳ ነበር፣ ክረምት የሚበሉትን ሳይተውላቸው አይወርድም። ጠርጎ የወሰደ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ባዶ ቀፎ ያገኛል፣ ንቡ ጥሎት ይሄዳል። ከመቶ ሠላሳው ለንቡ የተተወው ነው። ከሌላው ትንሹ ንቦቹ በሠሩት ልክ ለራሳቸው፣ ትልቁ ቀፎ ለሰቀለው፣ በቀፎው ልክ። ለአንድ ቀፎ ሠላሳ ብር። ቀፎው አለ። ስድስት ሺህሽ ዛፍ ላይ ነው።

መምህር ይርዳው ጉሮሮውን ጠረገ። ማር ለጾምም ይሆናል አለ። ሸምሱ ለኛም ይሆናል አለ። ካቶሊኮቹ ከሁለቱም ይድረሰን የሚሉበት ስላልነበራቸው ዝም አሉ። አንድ ባጃጅ ነጂ ብቻ እኔ ንብ ነኝ ማለት ነው? ብሎ ተከፋ፤ ጎረቤቱ አንተማ ሦስት ወር ክፍያ የዘለልክ፣ ሠርተህ ያላመጣህ ንብ ነህ አለው።

ውድነሽ አልተቀመጠችም። ፍሪጄ ዛፍ ላይ ወጣ በለኛ አለች። ሰው ሳቀ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። "ቀፎውን ካወረድኩስ?" አለች።

"ከማኅበሩ ስትወጪ አክሲዮንሽ በደንቡ ይመለስልሻል። ማሩ ግን ይቀርብሻል።"

ይህን ስታስብበት ሳለ ከውጭ ሸምሱ ጮኸ። ሰው በግርግሩ ኮባውን በረንዳው ላይ ጥሎ ነበር የገባው፣ አራት መቶ ሰው ኮባ። በሬው ገመዱ የሚፈቅድለትን ያህል ተዘርግቶ ያንን ሁሉ ኮባ በልቶታል። የራሱን መጠቅለያ በልቶ አፉን እየላሰ ነው። አንዱ ሽማግሌ መጠቅለያውን የበላ በሬ አይታረድም አለ፤ ከየት እንዳመጣው አይታወቅም፣ ግን ጉባኤው ተቀበለው።

ሸምሱ ገባ። በሬው ይታረድ አይታረድ የኔ ጉዳይ አይደለም፣ ሰማንያ ሁለት ሺህ ብሬን ጋሽ ታፈሰ ይስጠኝ አለ፤ ዓርብ ዕለት ተጨባብጠናል። ለታፈሰ ነገሩ ያኔ ነው የገባው። እጁን አየ። ያቺ እጅ እንዴት ያለች ጠላት ናት። የራሱን ቤት ቢሸጥ እንኳ ያን በሬ አይሸፍንም።

ውድነሽ ግን ነጋዴ ናት። "ሸምሱ" አለች፣ "ቀብድ ሰጥቶሃል?"

"ቀብድ አልሰጠም፣ ግን እጅ…"

"ምስክር ነበር?"

"እኔና እሱ።"

"እና ቀብድ ሳትይዝ፣ ሰው ሳታስመሰክር፣ በሬ እየጎተትክ ጉባኤ መጣህ? የጋሽ ታፈሰን እጅ ለመምታት ብለህ? ይኸ ሰው መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ እጅ ይመታል፣ ጠዋት የኔንም መትቷል፣ ኮረሪማ አልገዛኝም።"

ሸምሱ ያውቃል፣ እሱም አሥራ አምስት አክሲዮን አለው፣ ማኅበሩ በሬ ከገዛ የሱም ማር ነው የሚቀንሰው። በሬዬን እወስዳለሁ አለ።

"ትወስዳለህ" አለች ውድነሽ። "የአራት መቶ ሰው ኮባ ግን በልቷል። እሱን ማን ይከፍላል?"

ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። ኮባ ዋጋ የለውም ያሉ ነበሩ፣ ጓሮ ይበቅላል፤ ተሸክመን በዝናብ አምጥተናል የጉልበቱስ ያሉ ነበሩ። ይኸ ነገር ከትርፍ ክፍፍሉ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። መጨረሻ ላይ ሸምሱ ለጾሙ መፍቻ ለአባላት በኪሎ አሥር ብር ይቀንሳል ተባለና በቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ። ማኅበራትን የሚቆጣጠረው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ባለሙያ በኋላ ያን ቃለ ጉባኤ ሲያነብ፣ "በሬው የበላውን የአባላት ኮባ በተመለከተ" የሚለው ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አላለፈም ይባላል።

ከዚያ የክፍፍሉ ሐሳብ ለድምፅ ቀረበ። ለአንድ አክሲዮን ሠላሳ ብር። ህሊና እጅ ቆጠረች። የቅመም ተራ ሴቶች እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ውድነሽን ያያሉ። ታፈሰም እሷን ያያል። ውድነሽ ነጠላዋን ከትከሻዋ ሳበች፣ እጇን አወጣች። ተራው ሁሉ አወጣ። ታፈሰ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

ክፍያ በማግስቱ ተጀመረ። ውድነሽ ቢሮ መጣች፣ ህሊና ስድስት መቶ ብር ቆጥራ ሰጠቻት። ሴትየዋ ብሩን አየችው፣ ገለበጠችው። ታፈሰ ጥጉ ላይ ተቀምጦ የማያየው ለመምሰል ግድግዳውን ያያል። ውድነሽ ብሩን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"አክሲዮን ግዢልኝ በዚህ" አለች ለህሊና።

"በስድስት መቶ ሁለት አክሲዮን ነው የሚወጣሽ፣ እትዬ።"

ታፈሰ ከወንበሩ ተነሳ። ሃያዎቹ ሁለት ወለዱ። ሁለት! በአንድ ዓመት! አፉን ሲከፍት ውድነሽ ጣቷን ቀሰረችበት።

"መንታ እንዳትለኝ" አለች።

አላለም። ያን ቀን አላለም። ግን ቅመም ተራ ሳይደርስ፣ ባጃጅ ማቆሚያው ጋ፣ ለመጀመሪያው ሰው ነገረው፤ የነገረውም ከማሻ ጫካ፣ ከአባቱ ዛፍ ጀምሮ ነው፣ ሰውየው የሚሄድበት ለቅሶ አለፈው።